«የወሎ ሕዝብ» ከማለት በፊት፦ ከጥቂት ናሙና የሚነሣን ችኩል ድምዳሜ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ፈልጎ ማረሚያ

ደሴ ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚያማክር ሰው እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ማንበቡ አይቀርም፦ «የወሎ ሕዝብ በረካ ሳይጠጣ ከቡና አይነሣም።» አባባሉ ያምራል፤ ለአገሩ ሰውም እውነት ይመስላል። ነገር ግን ወደ ምዕራፍ ሦስት ተመልሰን መረጃው ከየት እንደ መጣ ስንመለከት፣ አጥኚዋ ያነጋገረቻቸው 12 ቤቶች ብቻ ሆነው እናገኛለን፤ ከእነዚህ ውስጥ 9ኙ «ሦስተኛውን ስኒ ሳንጠጣ አንነሣም» ሲሉ፣ 3ቱ «አቦልና ቶና ከጠጣን ይበቃናል» ብለዋል። ከ12 ቤት ተነሥቶ ወደ አንድ ሕዝብ የተደረገው ይህ ዝላይ በሎጂክ ትምህርት ችኩል ድምዳሜ የሚባለው ሕጸጽ ነው።

ይህ መመሪያ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያርመዋል። አጥኚዋም ሆነች ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተዘጋጁ ናቸው፤ የአሠራሩ ደረጃዎችና ስሌቱ ግን በማንኛውም የመስክ ጥናት ላይ የሚሠሩ ናቸው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ለይተን እንያዝ። «ናሙናው ትንሽ ነው» የሚለው ትችት ሁለት የተለያዩ ጉድለቶችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው የተጠየቁት ሰዎች ቁጥር ማነሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተጠየቁት ሰዎች የተገኙበት መንገድ ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ቁጥር መጨመር ሁለተኛውን ጉድለት ጨርሶ አይነካውም።

ደረጃ 1፦ ካዩት በላይ የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገሮች ለይቶ ማስመር

ረቂቁን አትመው እርሳስ ይያዙ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስለ ማን እንደሚናገር ይጠይቁት። ባለቤቱ «ያነጋገርኋቸው ቤቶች» ከሆነ ይለፉት። «የወሎ ሕዝብ»፣ «የደሴ ነዋሪ»፣ «እናቶች»፣ «ወጣቱ ትውልድ» ከሆነ ያስምሩበት።

በአማርኛ ይህን ሥራ አስቸጋሪ የሚያደርገው የግሱ ጠባይ ነው። «ጠጥተዋል» ወይም «ብለው ነግረውኛል» ስንል ስለ ተፈጸመና ስለ ታየ ነገር እንናገራለን። «ይጠጣል»፣ «አይነሣም» ስንል ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል ስለ ልማድ፣ ስለ ሁልጊዜና ስለ ሁሉም ሰው መናገር እንችላለን። ስለዚህ ጸሐፊዋ «ሁሉም» ወይም «ዘወትር» የሚል ቃል ባትጽፍም እንኳ፣ ከ«ነገሩኝ» ወደ «አይነሣም» በተሸጋገረችበት ቅጽበት ድምዳሜው አምልጧታል። እኔ ረቂቅ ሳነብ በቅድሚያ የምከታተለው ይህንን የግስ ለውጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተውም ከምዕራፍ አራት ወደ ምዕራፍ አምስት ሲታለፍ ነው።

ሌላው መደበቂያ «ይታመናል»፣ «ይባላል»፣ «ይዘወተራል» የሚሉት ተደራጊ ግሶች ናቸው። አማኙና ባዩ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ አንባቢው «ሁሉም ሰው» ብሎ ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ግስ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ባለቤቱን መልሶ መጻፍ ግድ ይላል፤ «በማን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ባነጋገርኋቸው በ9 ቤቶች» ከሆነ፣ መጻፍ ያለበትም እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ የተጠየቁት ሰዎች እንዴት እንደ ተገኙ በግልጽ መመዝገብ

ከመስክ ማስታወሻው ላይ ለእያንዳንዱ ቤት የሚከተለውን ይጻፉ፦ ሰፈሩን፣ የተጠየቀበትን ቀንና ሰዓት፣ ወደዚያ ቤት ማን እንደ መራዎት፣ እንዲሁም ቤቱ ከሌሎቹ ተጠያቂዎች ጋር ያለውን ግንኙነት። አጥኚያችን ይህን ስታደርግ የሚከተለው ተገለጠላት። 12ቱ ቤቶች የተገኙት ቧንቧ ውሃ፣ ሮቢትና ሆጤ አካባቢ በምታውቃቸው ሦስት ሴቶች በኩል ነው፤ በእያንዳንዱ ሰፈር 4 ቤት ማለት ነው። ቃለ መጠይቁ የተደረገው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ነው። የየሰፈሩ አራት ቤቶች ደግሞ እርስ በርስ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞች ናቸው።

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ፦ በዚህ መንገድ የመጠየቅ ዕድል ጨርሶ ያልነበረው ማን ነው? በሥራ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤቱ የማይገኝ ሁሉ አልተጠየቀም። ሱቅ የሚውል፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ቡናውን ከመንገድ ዳር ጀበና ገዝቶ በአንድ ስኒ የሚጨርስ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው አልተጠየቀም። እነዚህ ሰዎች በአጋጣሚ የቀሩ አይደሉም፤ የቀሩበት ምክንያት ከጥያቄው መልስ ጋር የተያያዘ ነው። በረካን ጠብቆ የመጠጣት ጊዜ ያላቸው ሰዎች ተጠይቀው፣ ጊዜ የሌላቸው ቀሩ። ስለዚህ በዚሁ ሰዓትና በዚሁ መንገድ 400 ቤት ቢጠየቅም ውጤቱ ያው አንድ ወገን ያጋደለ ይሆናል።

በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ የያማኔ ቀመር ተሰልቶ «የናሙናው መጠን በሳይንሳዊ መንገድ ተወስኗል» ተብሎ ይታለፋል። ቀመሩ ስንት ሰው እንደሚጠየቅ እንጂ ማን እንደሚጠየቅ አይናገርም፤ የሚሠራውም ተጠያቂዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ብቻ ነው። ለዚህ ከሁሉ የጎላው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ የደረሰው ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ቢሰበስብም፣ አድራሻዎቹ በአመዛኙ ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች ዝርዝር የተወሰዱ ስለነበሩና መልስ የመለሱትም በገዛ ፈቃዳቸው የመረጡ ስለነበሩ፣ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ተነበየ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ።

በዚህ ደረጃ ላይ «ወሎ» የሚለውን ቃልም መመርመር ይገባል። ደቡብ ወሎ ነው? ሰሜን ወሎን ይጨምራል? ወይስ የቀድሞው ክፍለ ሀገር ነው? ጸሐፊው ለራሱ መልስ ካላገኘ አንባቢው የፈለገውን ይረዳል። የተጠየቁት ሦስት የደሴ ሰፈሮች ሆነው ሳለ ቃሉ ገጠሩን፣ ቆላውንና ደጋውን ሁሉ አብሮ ይጠቀልላል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ማስላት

ከ12 ቤት 9 ማለት 75 በመቶ ነው። ረቂቁ ላይ «75 በመቶ የሚሆኑት» ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን 12ቱ ቤቶች በዕጣ ተመርጠው ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ዕጣው ሌላ 12 ቤት ቢያወጣ መልሱ 7 ወይም 11 ሊሆን ይችል ነበር። ይህን መዋዠቅ የሚለካው የመተማመኛ ክልል ይባላል። ለጥቂት ቁጥር የሚመከረው የዊልሰን ስሌት ሲሆን፣ አር በተባለው ፕሮግራም በአንድ መስመር ይሠራል፦

```
prop.test(9, 12, correct = FALSE)
```

በ95 በመቶ መተማመኛ የሚወጣው ክልል ከ47 እስከ 91 በመቶ ነው። ይህም ማለት እውነተኛው መጠን ከግማሽ በታች ቢሆንም፣ ከአሥር ዘጠኝ ቢሆንም፣ ከ12ቱ ቤቶች መልስ ጋር አይጣላም። ስለዚህ «አብዛኛው» የሚለው ቃል ራሱ በዚህ መረጃ አልተረጋገጠም፤ አብዛኛው ለማለት ቢያንስ የክልሉ ታችኛው ጫፍ ከ50 በላይ መሆን አለበት። ለማነጻጸር ያህል፣ 120 ቤት ተጠይቆ 90ው «አንነሣም» ቢሉ መጠኑ ያው 75 በመቶ ሲሆን፣ ክልሉ ግን ከ67 እስከ 82 ይጠብባል።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም፤ ቀደም ሲል እንዳየነው በየሰፈሩ ያሉት አራት ቤቶች ቡና የሚጠራሩ ናቸውና። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን አብረው የሚጠጡ አራት ጎረቤታሞች ስለ በረካ ሲጠየቁ አራት የተለያየ መልስ አይሰጡም፤ አንድን ልማድ አራት ጊዜ ይነግሩናል። ይህን ለማስላት የሚያገለግለው ቀመር ቀላል ነው፦

```
1 + (m - 1) × r
```

እዚህ ላይ `m` በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉት ቤቶች ቁጥር ሲሆን፣ `r` ደግሞ የቡድኑ አባላት መልስ ምን ያህል እንደሚመሳሰል ከ0 እስከ 1 የሚያሳይ መለኪያ ነው። መመሳሰሉን 0.5 ነው ብለን ብንገምት፣ 1 + 3 × 0.5 = 2.5 ይሆናል። 12ን ለ2.5 ስናካፍል 4.8 እናገኛለን፤ ይኸውም በወረቀት ላይ 12 የሆኑት ቤቶች በመረጃ አቅማቸው 5 ቤት እንኳ አይሞሉም ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ክልሉ ከ33 እስከ 95 በመቶ ይሰፋል። መመሳሰሉ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ያሉን ሦስት መልሶች ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ክልሎች የሚለኩት ከዕጣ የሚመጣውን መዋዠቅ ብቻ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ያየነውን ማጋደል አይለኩም። በትውውቅ በተሰበሰበ ናሙና ላይ የመተማመኛ ክልል አስልቶ በምዕራፍ አራት ሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት አዲስ ስህተት ነው፤ ለጸሐፊው ራሱ ግን «ሁሉም ነገር ቢሟላልኝ እንኳ ከዚህ የተሻለ ማለት አልችልም» የሚል ልጓም ይሆነዋል። ለአንባቢው የሚጻፈው «ከ12 ቤት 9ኙ» የሚለው ነው። በእንዲህ ያለ ጥቂት ቁጥር ላይ በመቶኛ ባይጻፍ እመርጣለሁ፤ «58.33 በመቶ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ሲገለጥ 7 ሰው ሆኖ ሲገኝ አንባቢው በቀሪው ሠንጠረዥ ላይ ያለው እምነት ይጠፋል።

ይህ መሳሳት የጀማሪዎች ብቻ እንዳይመስለን። ቴቨርስኪና ካነማን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ስታቲስቲክስ የተማሩ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ጥቂት ናሙና የሕዝቡን መልክ በትክክል ያሳያል ብለው ከሚገባው በላይ እንደሚያምኑ አሳይተዋል።

ደረጃ 4፦ የሚቃወመውን ቤት ፈልጎ መሄድ

ችኩል ድምዳሜ የሚወለደው ጸሐፊው የሚደግፈውን ብቻ ስለሚቆጥር ነው። በምሳሌያችን ውስጥ ሦስት ቤቶች «ቶና ይበቃናል» ብለዋል፤ ረቂቁ ግን ስለ እነርሱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። እነዚህ ሦስት ቤቶች ለጥናቱ ከዘጠኙ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ተመልሳ ስትጠይቃቸው፣ በሁለቱ ቤት ቡና የምታፈላው ሴት ከሰዓት በኋላ ሥራ ያላት ሆና ተገኘች እንበል። በሦስተኛው ቤት ደግሞ አንዲት እናት «ልጄ፣ በረካ ሳይጠጡ መነሣትማ ደግ አልነበረም፤ ብቻ ልጆቹ ሲቻኮሉ በቶና እለቃቸዋለሁ» አሏት። አሁን ጥናቱ ስለ ወሎ ሕዝብ ከሚያወራ ይልቅ፣ በረካ የሚቀረው በምን ሁኔታ ነው ወደሚል ወደ ጠበበና ሊጠና ወደሚችል ጥያቄ መጣ።

የእኒያ እናት መልስ ሌላም ነገር ይጠቁማል። «አንነሣም» ያሉት ዘጠኙ ቤቶች የሚያደርጉትን ነው የነገሩን ወይስ ሊደረግ ይገባዋል የሚሉትን? እንግዳ ቤት ገብቶ ስለ ቡና ሥርዓት ሲጠይቅ የሚነገረው በአመዛኙ ሥርዓቱ ነው። ከ9ኙ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ቤት ተጋብዞ፣ ማስታወሻ ሳይዙ፣ ማን በስንተኛው ስኒ እንደ ተነሣ ማየት ይህን ይለያል።

መልሱ አንድ ሆኖ ቢገኝስ? 12ቱም ቤት «አንነሣም» ቢሉ፣ «የተለየ ቤት የለም» ማለት ይቻላል? ለዚህ አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፦ ከተጠየቁት ውስጥ አንድም ተቃራኒ ካልተገኘ፣ 3ን ለተጠያቂዎቹ ቁጥር ማካፈል በ95 በመቶ መተማመኛ ተቃራኒዎቹ ሊደርሱ የሚችሉበትን ጣሪያ በግምት ይሰጣል። 3 ለ12 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ቁጥሩ ከ30 ሲያንስ መመዘኛው ትንሽ ያጋንናል፤ በትክክል ሲሰላ 22 በመቶ ይሆናል። ያም ሆኖ ከአምስት ቤት አንዱ በረካ የማይጠጣበት ከተማ ውስጥ 12 ቤት በዕጣ ጠይቆ አንድም ሳያገኙ መመለስ የሚያስገርም አይሆንም።

በሌላ በኩል ጥቂት ቤት ከንቱ ነው ማለትም ስህተት ነው። «የደሴ ሰው በረካ ሳይጠጣ ፈጽሞ አይነሣም» የሚለውን ለማፍረስ አንድ ቤት ይበቃል። አንድ ልማድ መኖሩን፣ ሰዎች እንዴት እንደሚተረጉሙት፣ ለምን እንደሚያጓድሉት ለማሳየትም 12 ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ብዙ ነው። የማይችለው «ስንቱ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ዓይነታዊ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች «መረጃው መደጋገም ስለ ጀመረ አቁሜያለሁ» ሲሉ ትክክል ናቸው፤ መደጋገሙ ግን አዲስ ሐሳብ አለመምጣቱን እንጂ ሐሳቡ በሕዝቡ ውስጥ ያለውን ብዛት አያሳይም። ደግሞም የሚደጋገመው በአንድ የቡና ጎረቤታሞች ክበብ ውስጥ ከሆነ፣ ያለቀው የክበቡ ወሬ ነው።

ደረጃ 5፦ ጊዜ ካለ ናሙናውን ማስተካከል

ወደ መስክ የመመለስ ዕድል ላለው፣ በቁጥር ላይ ከመጨመር ይልቅ ምርጫውን መለወጥ ይበልጣል። 12 ቤት ከሦስት የቡና ክበብ ከሚወሰድ፣ ከ12 የተለያዩ ክበቦች አንዳንድ ቤት ቢወሰድ ድካሙ እምብዛም ሳይጨምር መረጃው እጅግ ይሰፋል። አንድ ቀበሌ 600 ቤት የተመዘገበበት ዝርዝር ካለው፣ 600ን ለ12 አካፍለው 50 ያገኛሉ፤ ከ1 እስከ 50 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያወጣሉ፤ ከዚያ እየሄዱ በየ50ው ያለውን ቤት ይወስዳሉ። ዕጣው 17 ካወጣ ቤቶቹ 17፣ 67፣ 117 እያሉ ይቀጥላሉ።

የተመረጠው ቤት ዝግ ሆኖ ሲገኝ ጎረቤቱን መተካት ብዙዎች የሚፈጽሙት ጥፋት ነው። ዝጉ ቤት ዝግ የሆነው ሰዎቹ ሥራ ስለ ዋሉ ነውና፣ ክፍቱን ቤት ሲተኩበት በሁለተኛው ደረጃ ያየነውን ማጋደል መልሰው ያስገቡታል። ማታና እሑድ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መመለስ ይገባል፤ ከዚያም ካልተገኙ «አልተገኙም» ተብሎ ከነቁጥራቸው ይጻፋል።

ደረጃ 6፦ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና መጻፍ

መመለስ የማይቻል ከሆነ የሚታረመው ጽሑፉ ነው። የመጀመሪያው «የወሎ ሕዝብ በረካ ሳይጠጣ ከቡና አይነሣም» ነበር። የታረመው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ደሴ ከተማ ውስጥ በሦስት ሰፈሮች በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ካነጋገርኋቸው 12 ቤቶች ውስጥ 9ኙ በረካ ሳይጠጡ እንደማይነሡ ነግረውኛል። ቶና ይበቃል ካሉት ሦስቱ ቤቶች በሁለቱ አፍይዋ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያላት ስትሆን፣ በሦስተኛው ልጆቹ ይቻኮላሉ። ተጠያቂዎቹ በትውውቅ የተገኙና በየሰፈሩ ቡና የሚጠራሩ በመሆናቸው ቁጥሩ የከተማውን ልማድ መጠን አያመለክትም።»

ይህ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ግን ሊፈተሽ ይችላል። ተቃራኒው ስህተት ደግሞ በየዓረፍተ ነገሩ «ምናልባት ሊሆን ይችል ይሆናል» እያሉ ማለፍ ነው። እንዲህ ያለው መለሳለስ ጽሑፉን ያደክመዋል እንጂ አያርመውም፤ ምክንያቱም ጥርጣሬው ከየት እንደ መጣ አይናገርም። ወሰኑ በሰፈር፣ በሰዓትና በቁጥር ከተገለጸ በኋላ የታየውን በጽኑ ግስ መናገር ይቻላል፦ «9ኙ ነግረውኛል» የሚለው «ምናልባት» አያስፈልገውም።

በመጨረሻ የሚታዩት ከሁሉ በፊት የሚነበቡት ክፍሎች ናቸው። «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ርእስ ሥር በምዕራፍ አንድ በትሕትና የተጻፈው ነገር ምዕራፍ አምስት ሲደረስ ይረሳል፤ አኅፅሮተ ጥናቱ «የወሎ ሕዝብ» ይላል፤ አስተያየቱም ለክልሉ ባህል ቢሮ ምክር ይለግሳል። ስለዚህ በደረጃ 1 የተሰመረባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ዝርዝር ይዘው አኅፅሮቱን፣ መደምደሚያውንና አስተያየቱን በዚሁ ቅደም ተከተል ያርሙ። ከዚያ የሽፋኑን ገጽ ይክፈቱ፤ «የቡና ሥርዓት በወሎ» የሚለው ርእስ ከታረመው ጽሑፍ ጋር ስለማይስማማ፣ «በረካ የሚጠጣበትና የሚቀርበት ሁኔታ፦ በደሴ ከተማ በተመረጡ 12 ቤቶች» ተብሎ ይለወጣል።